ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፦ ከባዶ መንገድ ፎቶ የወጣ አጭር ልቦለድ

ፎቶግራፉ የሚያሳየው በሐረር ጀጎል ውስጥ ያለውን መኪና ግርግርን ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው ይህ ጠባብ መንገድ ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ቀን ቀን ጨርቅ ሻጩ፣ ገዢውና ሰፊው ትከሻ ለትከሻ የሚተሻሹበት ቦታ ነው። በፎቶው ላይ ግን ሰው አይታይም። ጀምበር ጠልቃለች፣ ግድግዳው ወደ ሰማያዊ አዘንብሏል፣ ሱቆቹ ተዘግተዋል። አንድ በር ብቻ ገርበብ እንዳለ ነው፤ ከውስጥ ቢጫ ብርሃን ሾልኮ ይወጣል። ደጃፉ ላይ ባዶ በርጩማ ተቀምጧል። ከመንገዱ መሀል ደግሞ በሰው ቁመት ልክ ጭስ የመሰለ ነጣ ያለ ነገር አለ።

ከእንዲህ ያለ ፎቶ አጭር ልቦለድ ለመጻፍ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ትካዜን ነው፤ ብዙዎቹም እዚያው ይቀራሉ። አንድ ተራኪ መንገዱ ራስ ላይ ቆሞ የድሮውን ዘመን ያስታውሳል፣ ግድግዳው ይገለጻል፣ ነፋስ ይነፍሳል፣ ታሪኩ ያልቃል። ችግሩን ለማወቅ የመጀመሪያውን ገጽ አንብቦ የዓረፍተ ነገሮቹን መዝጊያ ማየት ይበቃል። «ጨለማ ነበር»፣ «ጸጥታ ነበር»፣ «ማንም አልነበረም» እያለ በ«ነበር» ከተሞላ፣ ገጹ ላይ እስካሁን አንድም ነገር አልተደረገም። ጸሐፊው ፎቶውን በቃላት ገልብጦታል፤ ለዚህ ደግሞ ፎቶው ራሱ ይሻላል።

መውጫው ያለው ባዶነቱን በመጠርጠር ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር በ1838 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፓሪስ ቡለቫር ዱ ቴምፕል የሚባለውን ሰፊ ጎዳና ከመስኮት ሆኖ ፎቶ አንስቶ ነበር። ጎዳናው በሰውና በሠረገላ የተሞላ ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን ጭር ብሏል። የዚያን ዘመን ካሜራ ምስል ለመያዝ ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለነበር የሚንቀሳቀስ ሁሉ አሻራ ሳይተው አለፈ። ጎልቶ የቀረው ጫማውን እያስጠረገ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ሰው ነው። ከሊስትሮው ፊት ባይቆም ኖሮ እሱም እንደ ሌሎቹ ይጠፋ ነበር።

የዛሬ ካሜራም በአመሻሽ ብርሃን ወደዚያው ጠባዩ ይመለሳል። መቆሚያ ላይ ተተክሎ መዝጊያው ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ ክፍት ሲቆይ፣ የሚራመድ ሰው ጭስ መስሎ ይወጣል፤ ሰላሳ ሰከንድ ከቆየ ደግሞ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በመኪና ግርግር መሀል ያለው ነጭ ነገር መንፈስ አይደለም፤ እየተራመደ ያለ ሰው ነው። ታሪኩም ከዚህ ይጀምራል፦ ሁሉም ወደ ቤቱ በገባበት ሰዓት ይህ ሰው ወደ ማን እየሄደ ነው? በሩን ያልዘጋውስ ማንን እየጠበቀ ነው?

ሰዓቱ ራሱ የታሪኩን ልክ ይወስናል። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ጀምበር ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ከጠለቀች በኋላ ያለ መብራት የሰው ፊት መለየት የሚቻለው ለ20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በሰሜን አውሮፓ የበጋ ምሽት ይኸው ድንግዝግዝታ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ የዚያ አገር ጸሐፊ ገጸ ባሕሪውን እያንሸራሸረ ሊያሳስበው ይችላል። የሐረር ታሪክ ያን ያህል ፋታ የለውም። በ20 ደቂቃ ውስጥ አንድ ነገር መወሰን አለበት፤ ቢቻል ደግሞ ውሳኔው ከብርሃኑ መድከም ጋር የተያያዘ ቢሆን ይመረጣል።

እነዚህን ይዤ የጻፍኩት ታሪክ እንዲህ ነው። አንዲት እናት ለልጇ ሰርግ የሚሆን የሐር ጨርቅ ጠዋት ለአንድ ሽማግሌ ሰፊ ሰጥታ ሄዳለች። ከሰዓት በኋላ ሰርጉ ፈረሰ። እሷም ጨርቁን ለባለሱቁ መልሳ ገንዘቧን ለመውሰድ አመሻሽ ላይ ትመጣለች። ሰፊው ግን ሥራ ቀለል እንዲልለት ብሎ ጨርቁን ቆርጦታል። ፎቶው የተነሳው ሴትዮዋ በሩ ጋ ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ነው።

ተራኪው ፎቶ አንሺው በቆመበት ቦታ አይቆምም። ከዚያ ርቀት የሚታየው ባዶነት ብቻ ስለሆነ ትረካው ከገርባባው በር ኋላ፣ ከሰፊው ጎን ነው። መክፈቻውም ፎቶው ሊይዘው ያልቻለው ነገር ነው፤ ድምፅ። ስሙን ከድምፅ ያገኘ መንገድ ሲመሽበት መጀመሪያ የሚሆነው ዝም ማለቱ ነው፦

«የጎረቤቱ መኪና ቆመ። ቀጥሎ ማዶ ያለው። ሽማግሌው እግሩን ከመርገጫው አንሥቶ አዳመጠ፤ የሚመጣ የሰው እርምጃ ሰማ።»

በሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ «ነበር» የለም። መንገዱ ባዶ መሆኑም አልተነገረም፤ ከሚቆሙት መኪናዎች ይታወቃል።

ሴትዮዋ ደርሳ፣ «ጋሼ፣ ሰርጉ ቀርቷል፤ መቀስ ካልገባበት ጨርቁን ልውሰደው» ትለዋለች። እዚህ ላይ አመሻሹ ሥራ ይጀምራል። የተቆረጠው ጨርቅ ተጣጥፎ ሲታይ ሙሉ ይመስላል፤ በቀን ብርሃን ግን ወዲያው ይታወቅ ነበር። ሰፊው አሁን አስረክቧት በሩን መዝጋት ይችላል። አጣጥፎ ይሰጣታል፤ አይናገርም። እሷም ተቀብላ እጇን በእጥፉ መሀል ታሳልፋለች፣ ጣቷ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ያርፋል።

«መቼ ቆረጡት?»

«ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ልጄ።»

በዘጠኝ ሰዓት ሰርጉ መፍረሱን አውቃለች፤ ለመምጣት ግን እግሯ አልታዘዘላትም ነበር። በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ «እንግዲያው ይስፉት» ትላለች። በጨለመው መንገድ አንድ መኪና መጮህ ይጀምራል።

ጅብ በታሪኩ ውስጥ የለም፤ ይህን አስቤበት ነው ያደረግሁት። ጅቦች ሲመሽ በግንቡ ቀዳዳዎች ወደ ጀጎል እንደሚገቡ የታወቀ ነው። ይሁንና ሐረርን ከሩቅ የሚያውቅ ጸሐፊ ሁሉ ቀድሞ የሚያነሳው እሱን ነው፤ ለማስፈራሪያ ይጠቀምበታል። ከጅቡ ጋር መንገድ ተጋርቶ ለሚኖር የሐረር አንባቢ ይህ ፍርሃት ሐሰት ሆኖ ይታየዋል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሰፊውና ስለ ጨርቁ የሚነገረውንም አያምንም።

አሮጌ መንገዶች በየከተማው እየፈረሱ ባሉበት በዚህ ጊዜ፣ እንዲህ ያሉ ፎቶዎች በብዙ ሰው እጅ አሉ። ታሪክ የጻፈባቸው ሰው ሁለቱን አብሮ ማሳተም ከፈለገ አዘጋጁን አንድ ነገር ይለምን፦ ፎቶው ከታሪኩ በኋላ ባለው ገጽ ይቀመጥ። ፎቶውን ቀድሞ ያየ አንባቢ ባዶ መንገድ ያያል፤ ታሪኩን ቀድሞ ያነበበ ግን ያን ነጭ ጭስ ሲያይ ሴትዮዋ መሆኗን ያውቃል።