የአለቃ የሐዘን መልእክትና ሦስቱ የሥራ ቀናት

የሠራተኛው አባት ማረፋቸው ቢሮ ሲሰማ፣ አለቃው ስልኩን ከማንሳቱ በፊት ማጣራት ያለበት አንድ ነገር አለ። መርዶው ተነግሯል ወይ? ሟች ሩቅ አገር ከሆኑ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ብዙ ጊዜ ጎሕ ሲቀድ፣ ቤት ድረስ ሄዶ ነው የሚያረዳው። እስከዚያ ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባውም ሰምቶ ባለጉዳዩ ብቻ ላይሰማ ይችላል። በዚህ መሐል የቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሻማ ሥዕል ያለበት የሐዘን መግለጫ ከተለጠፈ፣ መርዶውን ያረዳው መሥሪያ ቤቱ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደወለው ለወንድም ወይም ለቅርብ ጓደኛ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚጻፉት ሁለት ጽሑፎች ናቸው፤ አንዱ ለሰውየው፣ ሌላው ለፋይሉ። ብዙ አለቆች የሚሳሳቱት ሁለቱን አንድ ላይ ሲያደርጉ ነው፤ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ብለው በዚያው ትንፋሽ "ሰኞ እንደምትገቢ ተስፋ አደርጋለሁ" ይጨምራሉ።

ምሳሌ እንውሰድ። አዲስ አበባ የምትሠራ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሰናይት እንበላት፣ ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ማለዳ የአባቷን መርዶ ሰማች። ቀብሩ በዚያው ቀን ደብረ ማርቆስ ነው፤ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ። አለቃዋ የላከላት እንዲህ ይላል፦ "ሰናይት፣ የአባትሽን ማረፍ ሰምቼ እጅግ አዝኛለሁ። እግዚአብሔር ያጽናናሽ። የሥራው ነገር አያሳስብሽ፤ የወሩን ሒሳብ ባልደረቦችሽ ይዘውታል። መልስ መጻፍ አይጠበቅብሽም፤ ስትመለሺ ቤት መጥተን እንደርስሻለን።"

በሥራ ቀን "አንቺ" የሚላት ሰው በሐዘኗ ቀን "እርስዎ" ቢላት ይቀዘቅዛልና እንደ ወትሮው ጠርቷታል። ሥራው በማን እጅ እንዳለም ነግሯታል፤ "አታስቢ" የሚለው ብቻውን ማንንም አያሳርፍም። "ነፍስ ይማር" ያላለው ደግሞ የቤተሰቡን እምነት ስላላወቀ ነው። ለኦርቶዶክስ የተለመደ ቃል ነው፤ ለሟች ጸሎት የማያደርስ ፕሮቴስታንት ቤተሰብ ግን ላይቀበለው ይችላል። ለሙስሊም "አላህ ይርሐማቸው፣ ሰብሩን ይስጥሽ" ይባላል።

ፈቃዱን ለሰው ሀብት ክፍል እንተወው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 81 የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው።

ሦስቱ የሥራ ቀናት ለሰናይት ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ናቸው። ቢሮዋ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ስለሆነ የእረፍት ቀኖቹ አይቆጠሩባትም። ለሰልስቱ ትደርሳለች፤ ለሰባቱ ግን ሕጉ አይበቃትም። ቀሪውን መሸፈን የሚቻለው ከዓመት እረፍቷ ነው። አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ሰኞን፣ ማክሰኞንና የመመለሻዋን ረቡዕ ከዚያ መውሰድ ትችላለች። ይህ ግን በወንድሟ በኩል ተጠይቃ ስትስማማ እንጂ ሳታውቅ የሚቀነስ አይደለም።

ደብዳቤው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ "አባትዎ በማረፋቸው ከጥቅምት 12 እስከ 14 ቀን 2018 ዓ.ም. 3 የሥራ ቀን የሐዘን ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ተሰጥቶዎታል። በስምምነትዎ መሠረት ከጥቅምት 17 እስከ 19 ያሉት 3 የሥራ ቀናት ከዓመት እረፍትዎ ይታሰባሉ። ወደ ሥራ የሚመለሱት ሐሙስ ጥቅምት 20 ነው። ማስረጃ ካስፈለገ ከተመለሱ በኋላ ይቀርባል።" እዚህ ላይ "እርስዎ" ቦታው ነው። "ሐዘንዎን ሲጨርሱ ይመለሱ" የሚለው አጻጻፍ ደግ ይመስላል፤ ነገር ግን ደመወዝ ሠሪው ቀን ስለማያገኝበት በወሩ መጨረሻ "ያለፈቃድ የቀረች" ተብሎ ሊቆረጥባት ይችላል።

ክርክር የሚነሣው ሟቿ ያሳደገች አክስት ስትሆን ነው። እናት ናት፤ ወረቀቱ ላይ ግን አክስት ናት፤ የሰው ሀብት ክፍሉም የዝምድና ደረጃ መቁጠር ይጀምራል። ያው አንቀጽ 81 ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል፤ ይህም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ አይሆንም። እኔ አለቃ ብሆን ከዚያ በፊት የዓመት እረፍቷን አስቀድም ነበር፣ ደመወዟ አይነካምና። አዋጁ አሠሪው ከዝቅተኛው በላይ እንዳይሰጥ አይከለክልም፤ ሦስቱን ቀን በራሱ ፈቃድ ለአሳዳጊ አክስትም ቢሰጥ ተጠያቂ አያደርገውም። ያም ካልሆነ ግን "ደንቡ አይፈቅድም" የሚለው ቃል ከለቅሶው በኋላ፣ በአካል፣ በሩ ተዘግቶ ይነገራታል።