ወንድሙን የሚያሳድደው መርማሪ፦ አንድ ድራማ ለምን በየቤቱ የተለያየ ትርጉም ያገኛል?

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ ወደ አማርኛ ተመልሰው ከቀረቡት የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች መካከል «ጥቁር ፍቅር» በብዙ ቤት ይታወሳል። ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ የግድያ ወንጀል ነው። የፖሊስ መርማሪው ኦመር እጮኛ ከአንድ ባለጸጋ ጋር በመኪና ውስጥ ተገድላ ትገኛለች። የሟቹ ባለጸጋ ልጅ ኤሊፍና ኦመር እውነቱን አብረው ሲፈልጉ ይዋደዳሉ። ፍለጋው ግን ውሎ አድሮ ወደ ኦመር ቤት ይመለሳል፤ በወንጀሉ ውስጥ እጁ ያለበት የገዛ ታላቅ ወንድሙ፣ እሱም ፖሊስ የሆነው ሁሴን ነው።

ይህን ታሪክ በጅጋ ከተማ የሚከታተል ነጋዴና በጃቢ ጠህናን ወረዳ ገጠር ቀበሌ የሚኖር አርሶ አደር የሚያዩት ምስል አንድ ነው። የሚረዱት ነገር ግን አንድ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ማብራሪያ ያቀረበው በጃማይካ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር የሠራው ምሁር ስቱዋርት ሆል ነው። ሆል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ባቀረበው ጽሑፍ፣ የቴሌቪዥን መልእክት ከላኪው ወደ ተቀባዩ እንደ እህል ጆንያ ሳይፈታ የሚሻገር አለመሆኑን አስረድቷል። አዘጋጆቹ ሐሳባቸውን በምስል፣ በድምፅና በንግግር ይቀርጹታል፤ ተመልካቹም ከኑሮው ባገኘው እውቀት ይፈታዋል። ቀራጩና ፈቺው የቆሙበት ቦታ ሲለያይ ትርጉሙም ይለያያል።

ቅኔ ለሚያውቀው የጎጃም ሰው «መፍታት» የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ግን መታለፍ የለበትም። የቅኔ ፈቺ የሚደክመው ባለቅኔው የሰወረውን ወርቅ ለማግኘት ነው፤ ወርቁን ካላገኘ ቅኔው አልተፈታለትም ይባላል። በሆል አስተሳሰብ ግን ተመልካቹ የአዘጋጁን ወርቅ አግኝቶ «ይህ ለእኔ ወርቅ አይደለም» ሊል ይችላል።

የውጭ ድራማ ሲሆን ቅርጹ ሁለት ጊዜ ይሠራል። መጀመሪያ በቱርክ፣ ቀጥሎም ንግግሩ ወደ አማርኛ ሲመለስ። የቱርክኛ ተውላጠ ስም ወንድና ሴትን አይለይም፤ ስለማይታወቅ ገዳይ ሲነገር ሰሚው ወንድ ይሁን ሴት ከቃሉ አያውቅም። አማርኛ ግን «ገደለ» ወይም «ገደለች» ብሎ ይለያል። ተርጓሚው ምሥጢሩን ለመጠበቅ ከፈለገ «ገዳዩ ማን ይሆን» ከማለት «ግድያውን የፈጸመው ሰው» ወደሚል አነጋገር ይሸሻል፤ ይህም ቢሆን ወደ ወንድ ያጋድላል። እንደዚሁም ኤሊፍ ኦመርን ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የምታሻግርበት ቅጽበት መቀራረባቸውን ይናገራል። አዲስ አበባ ላይ የተመረጠች አንዲት የአክብሮት ቃል፣ ገጠር ላለው ተመልካች የልጅቷን ጨዋነት ወይም ድፍረት ትወስናለች።

ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች እንመለስ። ድራማው ካሜራውንም ሙዚቃውንም በኦመር በኩል አቁሟል፤ እንባው ሲፈስ የምናየው እሱን ነው። ስለዚህ አዘጋጆቹ እንዲወሰድላቸው የሚሹት ትርጉም ግልጽ ነው፦ እውነትና ሕግ ከሥጋ ዝምድና ይበልጣሉ። የጅጋው ነጋዴ ይህን ተቀብሎ «ወንድም ቢሆንም ወንጀለኛ ወንጀለኛ ነው፤ ኦመር ወንድ ነው» ቢል፣ የሆል ትምህርት ይህን ገዥ አረዳድ ይለዋል። ተመልካቹ በተቀረጸለት መንገድ ፈትቶታል።

እኅቱ ደግሞ «ሕግስ መከበር አለበት፤ ነገር ግን የእናቱን ልጅ በገዛ እጁ ከሚያሳድድ ምርመራውን ለባልደረባው ቢተወው ምን ነበረበት?» ብትል አረዳዷ ድርድራዊ ነው። ዋናውን ሐሳብ አልነቀፈችም፤ ለራሷ ኑሮ የሚስማማ ልዩ ሁኔታ አበጀችለት። አብዛኛው የቤት ውስጥ ጨዋታ በዚህ መካከል የሚውል ይመስላል፤ «እሱስ ልክ ነው፣ ግን…» የሚለው አነጋገር ሲሰማ ድርድሩ ተጀምሯል ማለት ነው።

በሽምግልና ብዙ ጊዜ የተቀመጠ አንድ አዛውንት በሌላ ሚዛን ሊመዝኑት ይችላሉ። «እዚህ ላይ የፈሰሰው የሁለት ቤተሰብ ደም ነው። የገዳይ ወንድም የሟችን ልጅ ከመውደዱ በፊት ሽማግሌ ተልኮ፣ ካሳ ተከፍሎ፣ ደሙ መድረቅ ነበረበት። ልጁ ግን ወንድሙንም አጣ፣ ዕርቁንም አላወረደ» ቢሉ፣ አዛውንቱ ታሪኩ አልገባቸውም ማለት አይደለም። ድራማው ጀግንነት ያለውን ነገር አይተው፣ በእነሱ ዘንድ ፍትሕ የሚጸናበትን ሥርዓት አምጥተው ነቀፉት። ይህ ተቃራኒ አረዳድ ይባላል። ተቃራኒው አንድ ብቻ አይደለም። ሌላ ወጣት «ነገሩ የአንድ ብልሹ ፖሊስ ጥፋት ተደርጎ ቀረበ እንጂ፣ ብልሹነቱን ያበቀለው ቢሮ አልተነካም» ሊል ይችላል፤ እሱም ከአዛውንቱ ጋር ሳይስማማ ድራማውን ይቃወማል።

አለመረዳትና መቃወም የሚለዩበት መንገድ ቀላል ነው፤ ተመልካቹን ከፍርዱ አስቀድሞ ታሪኩን እንዲተርክ መጠየቅ። ታማር ሊብስና ኤሊሁ ካትስ የተባሉ ተመራማሪዎች «ዳላስ» የተሰኘውን የአሜሪካ ድራማ በእስራኤል ለሚኖሩ የተለያዩ ማኅበረሰቦች አሳይተው እንዲህ አድርገዋል። በአንዱ ክፍል ሱ ኤለን የተባለችው ሴት ባሏን ትታ ሕፃኗን ይዛ ወደ ቀድሞ ፍቅረኛዋና ወደ አባቱ ቤት ትሄዳለች። ከዓረብ ተመልካቾች ቡድኖች አንዱ ግን ወደ ራሷ አባት ቤት እንደሄደች እርስ በርስ እየተረጋገጠ ተረከው። ሚስት ስትኮርፍ ወደ ወላጆቿ በምትሄድበት አገር ያደገ ሰው ይህን ስሕተት ለመረዳት አይቸገርም። እነዚህ ተመልካቾች ድራማውን አልተቃወሙም፤ ባህላቸው የጎደለውን ሞላላቸው። ሆል ከሦስቱ አረዳዶች አንዱን የሚሰጠው ታሪኩን ላገኘው ሰው ነውና፣ ይህኛው ከሦስቱ ውጭ ሊቀመጥ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ግን ከተቃራኒው ጋር ሲደባለቅ ይታያል።

የአረዳዱ ልዩነት ከሥራና ከሀብት ብቻ ይመጣል ብሎ መደምደምም አያስኬድም። ዴቪድ ሞርሊ «ኔሽንዋይድ» የተባለውን የእንግሊዝ የወቅታዊ ጉዳዮች ፕሮግራም ለ29 ቡድኖች አሳይቶ ሲያወያይ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጆችና ሙያ የሚለማመዱ ወጣቶች በኑሮ ሳይገናኙ በአረዳድ ሲቀራረቡ አግኝቷል። አንዳንድ ወጣት ጥቁር ተማሪዎች ደግሞ ፕሮግራሙን ከመቃወም ይልቅ ለእነሱ እንዳልተሠራ ቆጥረው ትተውታል። እንዲህ ያለ ተመልካች ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦም አልተመለከተም፤ ሦስቱም መደቦች አይዙትም።

በቃና መጀመሪያ ዓመት የአገር ውስጥ የጥበብ ባለሙያዎች ከውጭ በመጡ ድራማዎች ላይ ተቃውሞ ሲያነሡ፣ ከመከራከሪያዎቻቸው አንዱ የባህል ወረራ ነበር። ይህ ሙግት ተመልካቹ የሚፈታው እንደተቀረጸለት ብቻ ነው ብሎ ይነሣል። የሠሪዎቹ ሥራ ማጣት የሚለው ሌላው መከራከሪያ ግን በዚህ አይነካም፤ አዛውንቱ ኦመርን ቢነቅፉትም ምሽቱን የያዘው የቱርኩ ድራማ ነውና። ሆልም ቢሆን ተመልካቹ ያሻውን ትርጉም ይሰጣል አላለም፤ ካሜራውን በኦመር በኩል ያቆመው ሰው የትኛው ትርጉም ሳይደክሙ እንደሚገኝ፣ የትኛው ደግሞ ክርክር እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ወስኗል።