«አንቺ የወደድሽው ይሁን»

ጥር 20 የተጋቡ ባልና ሚስት እንውሰድ። ሚስት ቀኑን ማሰብ የጀመረችው ገና በታኅሣሥ ነው። ዘንድሮ የሥራ ቀን ላይ ስለዋለ እሑድ ይሻላል አለች። ልጆቹን እህቷ እንድትይዝላቸው ለመነች፤ ሁለት ምግብ ቤት ደውላ ዋጋ ጠየቀች፤ ለኬኩ ቀብድ ከፈለች። ማታ «የት እንሂድ?» ስትለው «አንቺ የወደድሽው ይሁን» አላት። እሑድ ለብሶ መጣ፣ ሂሳቡንም ከፈለ። እሱ «አብረን አከበርን» ይላል፤ እሷ ግን ደክሟታል። ሁለቱም አልዋሹም።

አሊሰን ዳሚንጀር የተባለች አሜሪካዊት የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው ጥናት 35 ጥንዶችን አነጋግራ የቤት ውስጥ የሐሳብ ሥራን በአራት ከፍላዋለች፦ የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ማሰብ፣ አማራጭ መፈለግ፣ መወሰንና መፈጸሙን መከታተል። ውሳኔው ላይ ጥንዶቹ በአብዛኛው አብረው ናቸው። አስቀድሞ ማሰቡና መከታተሉ ግን ይበልጥ በሴቶቹ ላይ ወድቆ ተገኘ። ባልየው የሚያስታውሰው ሦስተኛውን፣ ማለትም የተጠየቀበትን ምሽት ነው። የታኅሣሡን ስልክ አላየውም።

ታዲያ ይህ ፍቅር ማነስ ነው? ሁልጊዜ አይደለም። ልደት ተከብሮ በማያውቅበት ቤት ያደገ ሰው ቀኑ ለሌላው ምን ያህል እንደሚከብድ ላይገባው ይችላል። ነገር ግን «እኔ ለእንዲህ ዓይነት ነገር አልሆንም» የሚለው ሰው የዕቁቡን ቀን አይስትም፣ የጓደኛውን ሽምግልና ከመኪናው እስከ ሽማግሌዎቹ አስተካክሎ ያስኬዳል እንበል። እንግዲያው ማሰብ ይችላል ማለት ነው። እቤት ያላሰበው ሌላ ሰው እንደሚያስብለት ስላወቀ ነው። ቅሬታው ተገቢ የሚሆነውም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

«አስታውሺኝ፣ አደርገዋለሁ» የሚለው ቃል ሸክሙን አያቀልም፤ ማስታወሱም መከታተሉም እሷው ዘንድ ይቀራል። የሚሻለው የሚቀጥለውን በዓል ከማሰቡ እስከ መጨረሻው ለእሱ መተው ነው። እሷም መሐል ገብታ «ደወልክ ወይ?» አትበል፤ እራቱ ሰፈር ያለ ሽሮ ቤት ቢሆንም ትቀበለው።

ስጦታ ላይ ግን ጥፋቱ ከተቀባዩም ሊመጣ ይችላል። «ሳልነግረው ካላወቀልኝ አይወደኝም» የሚለው ፈተና ብዙ ደግ ሰው ይጥላል። ፍራንቼስካ ጂኖና ፍራንሲስ ፍሊን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ሰጪዎች ሳይጠየቁ ያመጡት ስጦታም እንደተጠየቀው ይወደዳል ብለው ሲገምቱ፣ ተቀባዮች የበለጠ የተደሰቱት ራሳቸው በጠየቁት ነበር። ስለዚህ የምትፈልገውን ትንገረው። በግልጽ የነገረችውን ጫማ ትቶ በመጨረሻው ሰዓት ያገኘውን ሽቶ ካመጣ፣ ያኔ የጎደለው መስማት ነው። በዓሉን ሙሉ በሙሉ ተረክቦ ቀኑ ዳግመኛ ካለፈና የዚያው ወር ዕቁብ ካላለፈው፣ መነጋገር ያለባቸው ስለ ኬክና ስለ እራት አይደለም፤ እቤት ውስጥ የማን ጉዳይ እንደሚታሰብና የማን እንደሚረሳ ነው።