የፍርሃት ዋጋ በቁጥር፦ ቪክስ ምን ይለካል?

የጭነት መኪና ባለቤት መኪናውን መድን ሲያስገባ አረቦን ይከፍላል። መድን ሰጪው አረቦኑን የሚቆርጠው መኪናው በመጪው ጊዜ ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ገምቶ ነው። መንገዱ ሲከፋ አረቦኑ ይወደዳል። ስለ መንገዱ ምንም ወሬ ያልሰማ ሰው እንኳ የትናንቱን አረቦን ከዛሬው ጋር ቢያስተያይ፣ ገንዘባቸውን የሚያወጡ ሰዎች ስለ መንገዱ ምን እንደሚያስቡ ይረዳል።

በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያም ልክ እንዲህ ያለ አረቦን አለ። ሥራው በተጋጋለበት ሰዓት በየ15 ሴኮንዱ እየተሰላ፣ VIX በሚል ምልክት በስክሪን ላይ ይወጣል። ነጋዴዎች «ቪክስ» ይሉታል፣ ጋዜጦች ደግሞ «የፍርሃት መለኪያ»። የሚያሰላው የቺካጎው የኦፕሽን ገበያ ሲቦ ነው። መድን የሚገባለት ንብረት ኤስ ኤንድ ፒ 500 ነው፤ ይህም የ500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቁጥር የሚያሳይ ጠቋሚ ነው። አሜሪካ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን አሠሪያቸው ከደመወዛቸው እየቆረጠ የሚያስቀምጥላቸው የጡረታ ቁጠባ ከዚህ ጠቋሚ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል።

መድኑ ራሱ «ኦፕሽን» የሚባል ውል ነው። ውሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በተወሰነ ቀንና በተወሰነ ዋጋ የመሸጥ መብት፣ ሌላው የመግዛት መብት ይሰጣል። ኪሳራ የሚፈራ ሰው የሚገዛው የመጀመሪያውን ነው። አንድ ሰው በኤስ ኤንድ ፒ 500 ላይ የተቀመጠ 100,000 ዶላር አለው እንበል። ገበያው በአንድ ወር ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ ቢወድቅ፣ ከ5 በመቶው የሚያልፈውን ኪሳራ ሌላ ሰው እንዲሸፍንለት ይፈልጋል። ቀለል ባለ ስሌት፣ ገበያው ረጋ ብሎ ሻጮች መዋዠቁን በዓመት 15 በመቶ ገምተው ከሆነ፣ ለዚህ የአንድ ወር መድን 240 ዶላር ገደማ ይከፍላል። ግምቱ 40 በመቶ ሲደርስ ያው መድን፣ ለዚያው ንብረትና ለዚያው ጊዜ፣ ወደ 2,400 ዶላር ይጠጋል። ግምቱ ሦስት እጥፍ እንኳ ሳይሞላ አረቦኑ ዐሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ቪክስ ይህን ስሌት ገልብጦ ይሠራዋል፦ ሰዎች የከፈሉትን አረቦን ይዞ «ይህን ያህል የሚከፍሉት ምን ያህል መዋዠቅ ጠብቀው ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ስሌቱ አንድን ውል ብቻ ይዞ አይሠራም። ከ23 እስከ 37 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚያበቁትን ውሎች ይሰበስባል፤ ከወቅቱ የገበያ ዋጋ በታች ያሉትን የመሸጥ መብቶችና ከዚያ በላይ ያሉትን የመግዛት መብቶች አንድ ላይ ይደምርና ውጤቱን ልክ ለ30 ቀን ያስተካክለዋል። የሚወጣው ቁጥር በዓመት በመቶ የተገለጸ ነው። ለተራ አንባቢ ሲጠቅም ያየሁት አቋራጭ አለ፤ ቁጥሩን ለ16 ማካፈል። በዓመት 252 ያህል የሥራ ቀናት አሉ፤ የዚህ ቁጥር ካሬ ሩት 16 ገደማ ስለሆነ፣ ውጤቱ ገበያው በአንድ ቀን ይንቀሳቀሳል ተብሎ የሚጠበቀውን ልክ ያሳያል። ቪክስ 16 ሲሆን ገበያው ከሦስት ቀናት በሁለቱ ገደማ ከ1 በመቶ ባልበለጠ ይነሣል ወይም ይወድቃል ተብሎ ይጠበቃል። 32 ሲሆን ልኩ 2 በመቶ ነው።

«ይነሣል ወይም ይወድቃል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ስሌቱ የመግዛት መብቶችንም ስለሚያስገባ ቪክስ አቅጣጫ አያውቅም። ታዲያ ለምን የፍርሃት መለኪያ ተባለ? ስሙን በጽሑፍ ያስተዋወቁት ራሳቸው የሠሩት ሰው ናቸው። ሮበርት ዌሊ የተባሉት የፋይናንስ ምሁር ጠቋሚውን ለቺካጎው ገበያ ነድፈው በ1993 ሥራ ላይ ካዋሉት በኋላ፣ በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ የኢንቨስተሮች የፍርሃት መለኪያ ብለው ጠሩት። ምክንያታቸው ውሎቹን ማን እንደሚገዛ ከማየት የመጣ ነው። የጡረታ ፈንዶችና ትልልቅ የገንዘብ አስተዳዳሪዎች ገንዘባቸው ቀድሞውኑ በአክሲዮን ላይ ነው። ገበያው ሲወጣ ትርፉ ያለ ምንም ውል ስለሚደርሳቸው፣ ወደ ኦፕሽን ገበያ የሚሄዱት በብዛት የመሸጥ መብት ፈልገው ነው። በኦክቶበር 1987 የአሜሪካ ገበያ በአንድ ቀን ከ20 በመቶ በላይ ሲወድቅ ያዩ ሰዎች፣ ለትልቅ ውድቀት የሚሆነውን መድን ከዚያ ወዲህ በርካሽ ሸጠውት አያውቁም። በዚህ ላይ ገበያ ሲወድቅ የሚፈጥነውን ያህል ሲወጣ አይፈጥንም። ስለዚህ ቪክስ በስሌቱ አቅጣጫ ባይኖረውም በተግባር የሚዘለው በውድቀት ቀን ነው። ስያሜው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን የሚለካው በሰው ልብ ያለውን ፍርሃት ሳይሆን ፍርሃቱ የተሸጠበትን ዋጋ ነው። ይህ ልዩነት መቼ ትልቅ እንደሚሆን በአንድ ጠዋት ታይቷል።

ቀኑ ሰኞ ሐምሌ 29 ቀን 2016 ዓ.ም፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 5 ቀን 2024 ነበር። ከዚያ ቀደም ባለው ሳምንት የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ከፍ አድርጎ ነበር፤ አርብ ዕለት ደግሞ ከአሜሪካ ደካማ የሥራ ቅጥር ሪፖርት ወጥቶ ነበር። በርካሽ ወለድ የጃፓን የን ተበድረው ሌላ ቦታ አክሲዮን የገዙ ሰዎች የኑ ሲጠነክርባቸው ዕዳቸውን ለመክፈል መሸጥ ጀመሩ። ሰኞ የቶኪዮ ገበያ ከ12 በመቶ በላይ ወደቀ። ኒው ዮርክ ገና ሥራ ሳይጀምር፣ አርብ በ23.39 የተዘጋው ቪክስ ከ65 በላይ ወጣ። በዚያ ከፍታ የታየው በ2008 የባንኮች ቀውስና በ2020 የወረርሽኙ ወቅት ነበር። ዜናው ዓለምን አዳረሰ።

ቀኑ ሲያልቅ ግን ኤስ ኤንድ ፒ 500 የወደቀው 3 በመቶ ነበር። መጥፎ ቀን ነው፤ ሆኖም 2008ን የሚያህል አይደለም። ቪክስም በ38.57 ተዘጋ። በአንድ ሳምንት ከምናምን ጊዜ ውስጥ ከ20 በታች ተመለሰ።

ምን ተፈጠረ? መልሱ ያለው ስሌቱ በሚወስደው ዋጋ ላይ ነው። ቪክስ ውሎቹ በእርግጥ የተሸጡበትን ዋጋ አይወስድም፤ ገዢው «በዚህ እገዛለሁ» ያለውንና ሻጩ «በዚህ እሸጣለሁ» ያለውን ወስዶ መካከላቸውን ይይዛል። በሰላም ቀን ሁለቱ ስለሚቀራረቡ መካከላቸው እውነተኛ ዋጋ ነው። በዚያ ጠዋት ግን መደበኛው ገበያ ገና ስላልተከፈተ ተገበያዩ ጥቂት ነበር፤ መድን ሻጮቹም ስለ ፈሩ የመሸጫ ጥሪያቸውን ወደ ላይ ሰቀሉት። ለምሳሌ አንድ ውል ገዢው 5 ዶላር፣ ሻጩ 45 ዶላር ቢሉበት መካከሉ 25 ይሆናል። በ25 የገዛም የሸጠም የለም፤ ስሌቱ ግን 25ን እንደ ዋጋ ይይዘዋል። ይህ የሚብሰው ከገበያው ዋጋ በጣም ርቀው በወትሮው ሳንቲም በሚያወጡ ውሎች ላይ ነው። ስሌቱ ደግሞ በውሉ የተወሰነው ዋጋ ዝቅ ላለባቸው ውሎች ከፍ ያለ ክብደት ስለሚሰጥ፣ እምብዛም የማይነገድባቸው ውሎች ጠቋሚውን ጎትተው አወጡት። ገበያው ተከፍቶ ጥሪዎቹ ሲቀራረቡ ቁጥሩ ወረደ።

ፍርሃት አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ 38 እውነተኛ ፍርሃት ነው። በ38ና በ65 መካከል ያለው ግን በአብዛኛው የሻጮች መሸሽ ነበር። ይህን ያኔውኑ ለመለየት የሚረዳ መንገድ አለ። ቪክስ ራሱ በመጪው ወር ስንት ይሆናል በሚል ሰዎች የሚገበያዩባቸው የወደፊት ውሎች አሉ፤ እነዚህ በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጡ የሚገዙ ናቸው። በዚያ ጠዋት ቪክስ ወደ ሦስት እጥፍ ሲጠጋ እነሱ የተነሡት ከዚያ በእጅጉ ባነሰ መጠን ነበር። ሁለቱ እንዲህ ሲራራቁ፣ ገንዘቡን ያወጣው ሰው የሚለውን ማመን ይሻላል።

መለኪያው በሌላ በኩልም ይስታል፤ ይህኛው እንዲያውም የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል። በፌብሩዋሪ 19 ቀን 2020 ቫይረሱ ቻይናን ካናወጠ በኋላ እንኳ የአሜሪካ ገበያ ከፍተኛው ጫፍ ላይ ነበር፤ ቪክስም 14 ላይ ተቀምጦ ነበር። ከአንድ ወር በታች ቆይቶ፣ ማርች 16 ላይ በታሪኩ ከፍተኛ በሆነው 82.69 ተዘጋ፤ በዚያ ቀን ብቻ ገበያው 12 በመቶ ያህል ወድቋል። የአክሲዮን ዋጋ መጨረሻ ወለሉን የነካው ግን ከሳምንት በኋላ ማርች 23 ሲሆን ቪክስ ያኔ ከጫፉ ወርዶ ነበር። በ14 ጊዜ «ሰላም ነው» ብሎ የገዛ ተጎዳ፤ በ82 ጊዜ ደንግጦ የሸጠም ከወለሉ አጠገብ ሸጠ። መድን ሰጪ መንገዱ ላይ ነገ የሚገለበጠውን መኪና አያውቅም፤ አረቦኑን የሚያወጣው ዛሬ በሚያውቀው ነው።

አዲስ አበባ ላይ በ2017 ዓ.ም ጥር ወር ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም። ለዚህ መጀመሪያ በአክሲዮኖቹ ላይ የሚገበያይ የኦፕሽን ገበያ ያስፈልጋል፤ አረቦን የሚከፍልና የሚቀበል ሰው ከሌለ የሚለካ ዋጋም የለም።

አሜሪካ ያለህ ወንድሜ፣ እኅቴም፣ ቪክስ ዘለለ የሚል ዜና በጠዋት ሲደርስህ መጀመሪያ ሰዓትህን ተመልከት። በኒው ዮርክ 9፡30፣ አዲስ አበባ በክረምት ከቀኑ 10፡30፣ ገበያው ሳይከፈት የወጣ ቁጥር ከሆነ፣ የጡረታ ገንዘብህን ከመንካትህ በፊት ተከፍቶ እስኪረጋ ጠብቅ።