ማጣሪያው ተቀይሮም ውኃው ሲቀጥን

በሩ ላይ ውኃ የሚቀዳበት ፍሪጅ ያለው ሰው ውኃው ሲቀጥንበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማጣሪያውን ነው። ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። ከቧንቧው የሚመጣው ዝገትና ደቃቅ አሸዋ የማጣሪያውን ቀዳዳዎች ቀስ በቀስ ይደፍናቸዋል። አብዛኞቹ አምራቾች በየ6 ወሩ ቀይሩት ይላሉ፤ ዝቃጭ በሚበዛበት ቤት ግን ከዚያ ቀድሞ ሊደፈን ይችላል።

ቀይሩ እያለ የሚበራው መብራት ይህን አያውቅም። በአብዛኞቹ ፍሪጆች የሚቆጥረው ያለፈውን ጊዜ ወይም የተቀዳውን ውኃ ብቻ ነው። ስለዚህ ማጣሪያው ተደፍኖም መብራቱ ዝም ሊል ይችላል። በተቃራኒው፣ ጥቂት ውኃ የሚቀዳ ሰው ውኃው በደንብ እየወረደለትም ቢሆን 6 ወር ሲሞላ መቀየር አለበት፤ በውስጡ ያለው ከሰል ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል።

አዲስ ማጣሪያ ተገጥሞም ውኃው ካልተሻለስ? በአሜሪካ ሜሪላንድ የምትኖር ወዳጄን የገጠማት ይህ ነበር። ብርጭቆ ይዛ 10 ሰከንድ ቀዳች። ጤነኛ ፍሪጅ በዚያ ጊዜ ወደ 180 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ የሷ ግማሹን እንኳ አልሞላም። ማጣሪያውን አውጥታ ደግማ ቀዳች። (አንዳንዱ ፍሪጅ ያለ ማጣሪያ ውኃ አይለቅም፤ በቦታው የሚገባ ክዳን ይፈልጋል።) ውኃው ያው ነው። በዚህ ማጣሪያው ነፃ ወጣ፤ ውኃው በርትቶ ቢሆን ኖሮ ግን አዲሱም ቢሆን ጥፋተኛው እሱ ነበር።

ፍሪጁን ከግድግዳው ሳበችው። ከኋላ ያለው ቀጭን ቱቦ አልታጠፈም። ውኃውን ዘግታ የቱቦውን ጫፍ ከፍሪጁ ፈታችና ባልዲ ውስጥ አድርጋ ከፈተችው፤ እዚያም ደካማ ነው። የማድ ቤቱ ቧንቧ ግን በኃይል ይወርዳል። እንግዲህ የቀረው በሁለቱ መካከል ያለው መዝጊያ ነው። በአሮጌ ቤቶች ይህ መዝጊያ ብዙ ጊዜ ቧንቧውን በመርፌ በስቶ የሚገጠም ዓይነት ነው፤ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ በካልሲየም ቶሎ ይደፈናል። የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ በሩብ ዙር የሚከፈት መዝጊያ ሲቀይርላት ብርጭቆው ሞላ።

ባልዲው ውስጥ ውኃው በርትቶ በሩ ላይ ብቻ ቢቀጥን ችግሩ ፍሪጁ ውስጥ ነው፦ ወይ ውኃ የሚያስገባው ቫልቭ ደክሟል፣ ወይ በፍሪዘሩ በር ውስጥ የሚያልፈው ቱቦ መቀዝቀዝ ጀምሯል። በረዶ እየሠራ ውኃ ጨርሶ እምቢ ካለ ሁለተኛውን ጠርጥሩ፤ ፍሪዘሩ ከ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች የበለጠ ቀዝቅዞ እንዳልሆነም እዩ።

አዲስ ማጣሪያ በተገጠመ ሰዓት ውኃው ቢቆራረጥና ቢተፋ ግን አየር ነው። ወደ 12 ሊትር ያህል ቀድቶ መድፋት አየሩንም የከሰሉን ጥቁር ብናኝም ያወጣዋል።