ለደንበኛ የሚጻፍ ኢሜይል፦ «ቲቲኤል» ወጥቶ ምን ይግባ?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መድኃኒት አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት አለ እንበል። ፋርማሲዎች ዋጋና ክምችት የሚያዩትም፣ የሚያዝዙትም በድርጅቱ ድረ ገጽ ነው። ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው የሶፍትዌር ድርጅት ሥራውን ወደ አዲስ ሰርቨር ሊያዛውር ተዘጋጅቷል። ከባለሙያዎቹ አንዱ ለአስመጪው የሽያጭ ኃላፊ እንዲህ ሲል ይጽፋል፦

«ሰላም፣ ቅዳሜ ማይግሬሽን እናደርጋለን። ሜንቴናንስ ዊንዶው 18:00–22:00 ዩቲሲ ነው። ቲቲኤሉን ወደ 300 ስላወረድነው የዲኤንኤስ ፕሮፓጌሽኑ ቶሎ ያልቃል። ኤምኤክስ ሪከርዱን አንነካም። በካትኦቨሩ ጊዜ ኤፒአዩ ሪድ-ኦንሊ ይሆናል። ችግር ካለ ሮልባክ እናደርጋለን። ከዐርብ ኢኦዲ በፊት ሳይን-ኦፍ እንፈልጋለን።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስሕተት የለም። ጸሐፊው ለሥራ ባልደረባው ቢልከው ከበቂ በላይ ነው። የሽያጭ ኃላፊዋ ግን አንብባ ስትጨርስ ሦስት ነገሮችን አታውቅም፤ ቅዳሜ ፋርማሲዎች ማዘዝ ይችላሉ ወይ? የድርጅቱ ኢሜይል ይሠራል ወይ? ከእሷስ ምን ይጠበቃል? የሦስቱም መልስ ደብዳቤው ውስጥ አለ፤ ግን ባለሙያ ላልሆነ ሰው በማይታይበት ቦታ ተቀምጧል።

ቃሉ ሳይሆን መዘዙ

እንዲህ ያለውን ደብዳቤ እናስተካክል ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ምሕጻሩን መዘርዘር ነው። ቲቲኤል «ታይም ቱ ሊቭ» ተብሎ ቢጻፍ ግን ኃላፊዋ አንድ እርምጃ አልተራመደችም። ትንሽ ተሻሽሎ ትርጉሙ ቢሰጣትስ? ቲቲኤል ማለት ሌሎች ኮምፒውተሮች የድረ ገጹን አድራሻ እንደገና ሳይጠይቁ ለስንት ሰከንድ ይዘውት እንደሚቆዩ የሚነግር ቁጥር ነው። 300 ማለት 5 ደቂቃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ተሞልቶ የሚገኘው 86400 ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን ነው። ባለሙያዎቹ ቁጥሩን አስቀድመው ዝቅ ማድረጋቸው ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው። ኃላፊዋ ግን በዚህ እውቀት የምትሠራው ነገር የለም።

እሷን የሚነካት ከዚህ የሚከተለው ነው። ሥራው እንዳለቀ አብዛኛው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ አዲሱን ገጽ ያያል። አንዳንድ የኢንተርኔት አቅራቢ ግን አሮጌውን አድራሻ ከተባለው ጊዜ በላይ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል እሑድ ጠዋት አንድ ፋርማሲ ደውሎ «እኔ ጋ አሮጌው ነው የሚታየኝ» ሊላት ይችላል። ይህን አስቀድማ ካወቀች የምትመልሰው አላት። ስለዚህ ደብዳቤው ውስጥ በቲቲኤል ቦታ የሚገባው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

ኤምኤክስም እንደዚያው ነው። ኤምኤክስ ሪከርድ የድርጅቱ ኢሜይል ወደየትኛው ሰርቨር እንደሚሄድ የሚያመለክት መዝገብ ነው። «አንነካም» ማለት የኢሜይል አድራሻችሁ አይለወጥም፣ መልእክት መላክና መቀበልም አይቋረጥም ማለት ነው። ከውጭ አቅራቢዎች ጋር በኢሜይል ለሚሠራ አስመጪ ከደብዳቤው ሁሉ ትልቁ የምሥራች ይህ ሳለ በሦስት ቃል ታልፏል።

ኤፒአይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ለፕሮግራም ጸሐፊ አንዱ ሶፍትዌር ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ነው። ለመድኃኒት ባለሙያ ግን ኤፒአይ ማለት በመድኃኒቱ ውስጥ ፈዋሹ ንጥረ ነገር ነው፤ ቃሉን ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ታውቀዋለች። የማይታወቅ ምሕጻር ሲያጋጥም ሰው ቢያንስ ይጠይቃል። በራሱ ሙያ ሌላ ትርጉም ያለው ሲሆን ግን የገባው መስሎት ያልፋል። ስለዚህ ምሕጻር ከመጻፋችን በፊት ደንበኛው በራሱ ሥራ ላይ ያንኑ ፊደል ለምን እንደሚጠቀምበት ማጣራት ይገባል።

እዚህ ላይ «ኤፒአዩ ሪድ-ኦንሊ ይሆናል» ማለት ፋርማሲዎች ዋጋና ክምችት ማየት ይችላሉ፣ አዲስ ትዕዛዝ ግን ማስገባት አይችሉም ማለት ነው። ደንበኛውን ገንዘብ ሊያሳጣው የሚችለው ብቸኛ ዓረፍተ ነገር ይህ ሆኖ ሳለ የተቀመጠው አምስተኛ ላይ ነው።

18:00 የማን ሰዓት ነው?

ዩቲሲ ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከእሱ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ 18:00 ዩቲሲ እኛ ዘንድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ 22:00 ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ለእሑድ አጥቢያ። ዩቲሲን የማያውቅ ሰው 18:00ን የአዲስ አበባ ሰዓት አድርጎ ቢያነበው ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆንበታል። ኃላፊዋ ለፋርማሲዎቹ ከምሽቱ 12 እስከ 4 ብላ ታስታውቃለች፤ በ4 ሰዓት ሊያዝዝ የገባው ፋርማሲ ተዘግቶ ያገኘዋል። እሷም ድርጅቷም በደንበኞቻቸው ፊት ቃላቸውን ያጠፉ ይመስላሉ።

ኢኦዲም «የቀኑ ማብቂያ» ማለት ነው፤ ግን የማን ቀን? የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የሶፍትዌር ድርጅቱና የአስመጪው ቢሮ በአንድ ሰዓት አይዘጉም። «ዐርብ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት» ሲባል ክርክሩ ያበቃል።

ቃሉ የደበቀው ውሳኔ

ሮልባክ ወደ ነበረበት መመለስ ነው። ይህን በተራ ቋንቋ ለመጻፍ የሚቀመጥ ባለሙያ ግን ቃሉ ሸፍኖት የቆየ ጥያቄ ይገጥመዋል። እስከ ስንት ሰዓት ድረስ ነው መመለስ የሚቻለው? ሌሊት ላይ ችግር ከታየ ቀላል ነው፤ ትዕዛዝ ስለተዘጋ የሚጠፋ ነገር የለም። አዲሱ ሰርቨር ሥራ ከጀመረ በኋላ እሑድ ከሰዓት ችግር ቢታይስ? ወደ አሮጌው ከተመለሰ ከጠዋት ጀምሮ የገቡት ትዕዛዞች አሮጌው ላይ የሉም። ማን ነው መልሶ የሚያስገባቸው?

ይህ የቋንቋ ጥያቄ አይደለም። ያልተወሰነ ነገር ነው፤ ውሳኔውም በከፊል የደንበኛው ነው። የሙያ ቃል በአንድ ትንፋሽ የሚያልፈውን ተራ ዓረፍተ ነገር ማን፣ መቼ፣ ምን እያለ ያስመልሳል። አንድን ቃል በተራ አማርኛ መጻፍ አልሆን ሲለን ብዙ ጊዜ የጎደለው ቃል ሳይሆን ዕቅድ ነው። ያን ጊዜ ከመጻፍ በፊት ከባልደረቦች ጋር ተነጋግሮ መወሰን ይቀድማል።

ደብዳቤው እንደገና ሲጻፍ

በርዕስ መስመሩ ላይ «ማይግሬሽን» የነበረው ወጥቶ «ቅዳሜ ማታ ለ4 ሰዓት ትዕዛዝ አይገባም፤ እስከ ዐርብ ፈቃድዎን እንጠብቃለን» ይሆናል። ቀጥሎ፦

«ጤና ይስጥልኝ፣

ድረ ገጻችሁን ወደ አዲስ ሰርቨር ለማዛወር ቅዳሜ ኅዳር 6 ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት እንሠራለን። በእነዚህ 4 ሰዓታት ፋርማሲዎች ዋጋና ክምችት ማየት ይችላሉ፤ አዲስ ትዕዛዝ ማስገባት ግን አይችሉም። አስቸኳይ ትዕዛዝ በስልክ የሚቀበል ሰው ቢመድቡ መልካም ነው። ኢሜይላችሁ አይቋረጥም።

እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት አዲሱ ሰርቨር በትክክል ካልሠራ ወደ አሮጌው እንመልሰዋለን። በሁለቱም መንገድ በ7 ሰዓት ትዕዛዝ መግባት ይጀምራል። እሑድ ላይ ችግር ታይቶ መመለስ ግድ ከሆነ በቅድሚያ ደውለን እናሳውቅዎታለን፤ በዕለቱ የገቡትንም ትዕዛዞች ዘርዝረን እኛው መልሰን እናስገባለን።

እሑድ ጠዋት አሮጌው ገጽ የሚታየው ፋርማሲ ካለ የእሱ ኢንተርኔት አዲሱን አድራሻ ገና ስላላገኘ ነው፤ እስኪስተካከል ድረስ በስልክ እንዲያዝዝ ይንገሩት።

በዚህ ከተስማሙ ዐርብ ኅዳር 5 ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት «ቀጥሉ» ብለው ይመልሱልን። መልስ ካልደረሰን ሥራውን ወደ ቅዳሜ ኅዳር 13 እናስተላልፋለን።»

ደብዳቤው ረዝሟል፤ ይርዘም። ኃላፊዋ ባትጠይቅ ኖሮ የምትሳሳትባቸውን ነገሮች ይዟል። ቅደም ተከተሉም ተቀይሯል፤ ትዕዛዝ መቋረጡ ወደ ላይ መጥቷል፣ ከእሷ የሚጠበቀው ደግሞ ለብቻው ቆሟል። የጠፉት ማይግሬሽን፣ ቲቲኤል፣ ዲኤንኤስ፣ ኤምኤክስ፣ ካትኦቨርና ኤፒአይ ናቸው። «ሰርቨር» ግን ቀርቷል፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቃል ስለሆነና በሚቀጥለው ወር ደረሰኝ ላይም ስለምታየው። እሱን አውጥቶ ማንም የማይናገረውን አዲስ የአማርኛ ስያሜ ማስገባት አንዱን እንቆቅልሽ በሌላ መተካት ነው።

ማቅለል የሚያሳስትበት

ማቅለልም ልክ አለው። «ቅዳሜ ኢንተርኔት አይኖርም» ብሎ መጻፍ አጭርና ግልጽ ነው፤ ግን ውሸት ነው፣ ኃላፊዋም የቢሮው መስመር የሚቋረጥ መስሏት በከንቱ ትጨነቃለች። በየመስኮቱ «ሲስተም የለም» ሲባል የሰማን ሁሉ ተራ የሚመስል ቃልም ምንም ላይነግር እንደሚችል እናውቃለን። ምን ቆመ? እስከ መቼ? እኔስ ልጠብቅ ወይስ ልሂድ? እነዚህን የማይመልስ ዓረፍተ ነገር ከሙያ ቃል አይሻልም።

ውል ላይ የተጻፈ ቃልም አይነካም። ውሉ «99.9 በመቶ አፕታይም» ካለ ደብዳቤው ቁጥሩን እንዳለ ጠቅሶ ምን ማለት እንደሆነ ይጨምራል፤ በ30 ቀን ውስጥ እስከ 43 ደቂቃ መቋረጥ የተፈቀደ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ኃላፊዋ 4ቱ ሰዓት በዚህ ውስጥ ይቆጠራል ወይ ብላ መጠየቅ ትችላለች፤ መብቷም ነው። ደንበኛው የራሱ የኮምፒውተር ባለሙያ ካለው ደግሞ ቲቲኤሉና ኤምኤክሱ በአባሪ ይላኩለት። ለእሱ ትክክለኛው ቋንቋ ያ ነው።

ከመላክ በፊት

በ2023 የወጣው አይኤስኦ 24495-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ግልጽ ጽሑፍን የሚለካው አንባቢው የሚያስፈልገውን በቀላሉ በማግኘቱ፣ በመረዳቱና በመጠቀሙ ነው። ይህን በቢሮ ውስጥ ለመፈተን ውድ ነገር አያስፈልግም። ደብዳቤውን ለሒሳብ ክፍል ባልደረባ አንድ ጊዜ አስነብቦ መውሰድና «ቅዳሜ ምን ይሆናል? አንቺስ ዐርብ ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። «ገብቶሻል?» ብሎ መጠየቅ ግን አይሠራም፤ በይሉኝታ «አዎ» ይባላል። በራሷ አባባል ስትመልስ የተሳሳተችበት ቦታ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ይስተካከላል።

ደብዳቤው ከተላከ በኋላም ደንበኛው መልሶ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ የት ላይ ግልጽ እንዳልነበረ ይጠቁማል። «የሐዋሳ ቅርንጫፋችንንም ይመለከታል?» ብላ ኃላፊዋ ብትጽፍ መልሱ ለእሷ ብቻ ተልኮ መቅረት የለበትም። ድርጅቱ ለእንዲህ ያለ ሥራ በሚጠቀምበት የደብዳቤ ቅጽ ላይ «የሚመለከታቸው ቅርንጫፎች» የሚል መስመር ይጨመር፤ የሚቀጥለው ባለሙያ ለሚቀጥለው ደንበኛ ሲጽፍ ያንን መስመር ሳይሞላ መላክ አይችልም።