አሸናፊውን ለማወጅ አትቸኩሉ

ከአንድ የኢንተርኔት መደብር 100 ጎብኚዎች 10ሩ ዕቃ ይገዛሉ እንበል። አዲስ የተዘጋጀ ገጽ ገዢዎቹን 12 ያደርሳቸው እንደሆነ ለማወቅ፣ ጎብኚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ነባሩን፣ ግማሾቹ አዲሱን ያያሉ። ይህ ልዩነት በእውነት ካለ፣ ከ5 ሙከራዎች በ4ቱ ለማግኘት በየቡድኑ ወደ 3,900 ሰው ያስፈልጋል። የሚፈለገው ልዩነት በግማሽ ካነሰ፣ የሰው ብዛት አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ስህተቱ የሚመጣው ውጤቱን በየቀኑ እያዩ፣ አዲሱ ገጽ በመራበት ዕለት ሲያቆሙ ነው። ገጾቹ ፍጹም እኩል ቢሆኑ እንኳ፣ በተለመደው መመዘኛ መጨረሻ ላይ አንዴ ሲታይ በአጋጣሚ «ልዩነት አለ» የማለት ዕድሉ 5 በመቶ ነው። በመሃል እየተፈተሸ 10 ጊዜ ሲታይ ግን ወደ 19 በመቶ ይወጣል። ስለዚህ የሰው ብዛት አስቀድሞ ይወሰናል፤ እስኪሞላም ይጠበቃል። በመሃል ማየት ግድ ከሆነ፣ መመዘኛው ከመጀመሪያው መጥበቅ አለበት።